ስም ቢሰረዝ ሰው ይሰወራልን?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ በመካከሉ ሉማሜን ያገኛታል። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወረዳ ከተማ እንደ መሆንዋ የጤናው፣ የግብርናው፣ የትምህርቱና የፋይናንሱ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ መንገድ ይመላለሳል፤ በአንድ ገበያ ይሸምታል፤ በአንድ ደጀ ሰላም ይሳለማል። እንዲህ ባለች ከተማ አንድ ሠራተኛ ሥራውን ለቆ ዕቃውን በመኪና ሲጭን፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ወሬው ከተማውን ዞሮ ይጨርሳል። ማን እንደ ለቀቀ ሁሉም ያውቃል። ለምን እንደ ለቀቀ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ይህን «ለምን» ለማወቅ ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ የመሰናበቻ ቃለ መጠይቅ የሚባል ልማድ አለ። ለቃቂው ንብረቱን አስረክቦ መልቀቂያውን ከመቀበሉ በፊት ከሰው ሀብት አስተዳደር ባልደረባ ፊት ተቀምጦ ይጠየቃል፤ መልሱም በማስታወሻ ተጽፎ በዶሴ ውስጥ ይቀመጣል። ዶሴው ከወፈረ በኋላ ኃላፊው አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የወጣውን ወጣት ሠራተኛ ይጠራና «እነዚህን አንብብና ሠራተኛው ለምን እንደሚለቅ በአንድ ገጽ ጻፍልኝ፤ የማንም ስም እንዳይነሣ» ይለዋል። ትእዛዙ አጭርና ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ሁለት ከባድ ሥራዎች አሉ፤ አንደኛው እውነተኛውን ምክንያት ከቃሉ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ሲገልጡ ሰውየውን አለመግለጥ ነው። በዛሬው ጽሑፌ ሁለቱን በየተራ እመለከታለሁ።

አስቀድሞ ግን ለቃቂው በምን ሁኔታ እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውየው ከጠያቂው ፊት ሲቀመጥ መልቀቂያው ገና በእጁ አልገባም፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውም አልተጻፈለትም፤ ያልተከፈለው ውዝፍ አበል ይኖረዋል፤ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚያው ወረዳ ተቀጥረው ይሆናል። ስለዚህ አለቃውን ከመውቀስ ይልቅ «የተሻለ ደመወዝ አገኘሁ» ወይም «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ቢል አይፈረድበትም። የጎጃም ሰው በቅኔ ቤት እንደሚማረው፣ ይህ ሰሙ እንጂ ወርቁ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ስለ ጸጥታ፣ ስለ ጉዞና ስለ ሥጋት የተናገሩት ቃል ከማን አፍ እንደ ወጣ ቢታወቅ በሰው ላይ ሊያመጣ የሚችለውን ጉዳት መገመት አያዳግትም። እንግዲህ ለቃቂው ማንነቱ እንደማይታወቅ ካላመነ ወርቁን አይናገርም፤ ወርቁን ካልተናገረ ደግሞ አጠቃላዩ ምን ያህል ቢያምር የሰም ክምር ይሆናል።

በምሥራቅ ጎጃም ይህ ጉዳይ በጥናት ተነክቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. በዞኑ የመንግሥት የጤና ተቋማት በሚሠሩ ነርሶች ላይ የተደረገ ጥናት ከተጠየቁት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሥራቸውን ለመልቀቅ ያስቡ እንደ ነበር አሳይቷል። ይህ ትልቅ ዜና ነው። ሆኖም ለመልቀቅ ማሰብና መልቀቅ አንድ አይደሉም። ያሰበው ሁሉ አይሄድም፤ የሄደውም ሁሉ አስቀድሞ አሳቡን አይገልጥም። የመሰናበቻው ቃለ መጠይቅ የሚጠቅመን ከዚህ ላይ ነው፤ ቈርጠው የሄዱትን ያናግራልና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ነገሩ በግልጽ እንዲታይ አንድ ምሳሌ አዘጋጅቻለሁ። ምሳሌው ከእኔው የተቀነባበረ ነው እንጂ በሉማሜም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ መሥሪያ ቤት ምሥጢር አይደለም። በአንድ ወረዳ በሁለት የበጀት ዓመታት ውስጥ 31 ሠራተኞች በፈቃዳቸው ለቀቁ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 24ቱ ተጠይቀዋል፤ 7ቱ ሳይጠየቁ ሄደዋል። የተጠየቁት 11 ከጤና፣ 8 ከግብርና፣ 5 ከፋይናንስ ናቸው።

የመጀመሪያው ተግባር ስምን ከቃል መለየት ነው። ለእያንዳንዱ ማስታወሻ ከ1 እስከ 24 ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቍጥሩ ግን በለቀቁበት ቀን ቅደም ተከተል ሳይሆን በዕጣ ይሁን፤ አለዚያ ቍጥር 24 የመጨረሻው ለቃቂ መሆኑን ማንም ያውቃል። ቍጥሩንና ስሙን የሚያገናኘው ዝርዝር በተለየ ወረቀት ተጽፎ በቁልፍ ይቀመጣል። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ የሚሠራው በቍጥሮቹ ብቻ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ማስታወሻ በየምክንያቱ ይቈራረጣል። ለምሳሌ አንድ ማስታወሻ እንዲህ ይል ይሆናል፤ «ደመወዙ አይበቃም። ለመስክ የወጣሁበት ውሎ አበል አምስት ወር ቈየ። ዲግሪዬን ከጨረስሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ደረጃዬ ግን ያው ነው። ደግሞም በየሳምንቱ ለዘመቻ እንታዘዛለን።» ይህ አንድ ሰው የተናገረው ቢሆንም አራት ምክንያት ነው። አራቱ በአራት ብጣሽ ወረቀት ይጻፋሉ፤ በእያንዳንዱም ላይ የማስታወሻው ቍጥር ብቻ ይቀመጣል። ኮምፒዩተር ያለው በሰንጠረዥ ሊሠራው ይችላል፤ ብጣሽ ወረቀትና ሰፊ ጠረጴዛም ያንኑ ያህል ያገለግላሉ።

ከዚያ በኋላ የሚመሳሰሉት በአንድ ላይ ይደረደራሉ። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ላይ ነው። በክምሩ ላይ «ደመወዝ»፣ «አስተዳደር»፣ «ቤተሰብ» እያሉ አንዳንድ ቃል ይጽፉና ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ይህ ግን የክምሩ አርእስት እንጂ ጭብጥ አይደለም። ጭብጥ ምን እንደ ሆነ የሚናገር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት፤ አርእስት ስለ ምን እንደ ተነገረ ይጠቁማል፤ ጭብጥ ግን ምን እንደ ተነገረ ይገልጣል።

በምሳሌያችን «ደመወዝ» በሚለው ክምር ውስጥ የ15 ሰዎች ቃል ተገኘ እንበል። ጸሐፊው በዚሁ ቢቆም ለኃላፊው «ሠራተኛው የሚለቀው ደመወዝ ስለ አነሰው ነው» ብሎ ያቀርባል። ኃላፊውም «የደመወዝ እርከን የሚወስነው ወረዳው አይደለም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። ነገር ግን ክምሩ ዳግመኛ ቢነበብ፣ ከ15ቱ ውስጥ 11ዱ የተናገሩት ስለ ደመወዙ ማነስ ሳይሆን ስለ ውሎ አበልና ስለ ተረኝነት ክፍያ መዘግየት ሆኖ ይገኛል። የተቀሩት ስለ ደመወዙ መጠን ብቻ ተናግረዋል። አሁን ጭብጡ «በሕግ የተፈቀደው ክፍያ በወቅቱ አይደርስም» የሚል ሆነ። ይህ ደግሞ ወረዳው ራሱ ሊመረምረውና ሊያስተካክለው የሚችል ጉዳይ ነው። እንግዲህ አንድ ቃል በመጻፍና አንድ ዐረፍተ ነገር በመጻፍ መካከል ያለው ልዩነት፣ መፍትሔ በሌለውና መፍትሔ ባለው ነገር መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ሲቈጠርም የሚቈጠረው ብጣሹ ሳይሆን ሰው ነው። ስለ አበሉ አራት ጊዜ ደጋግሞ ያማረረ ሰው አንድ ነው፤ ሦስት ምክንያት የሰጠ ግን በሦስት ጭብጥ ውስጥ ይቈጠራል። ስለዚህ የጭብጦቹ ድምር ከ24 ቢበልጥ ስሕተት አይደለም። በምሳሌያችን 11 ሰዎች ስለ ክፍያ መዘግየት፣ 9 ሰዎች ትምህርታቸውን አሻሽለው ደረጃቸው ባለመለወጡ፣ 8 ሰዎች ከሙያቸው ውጭ ለሆነ የዘመቻ ሥራ ዘወትር በመታዘዛቸው፣ 7 ሰዎች የዝውውር ጥያቄያቸው ሳይመለስ በመቅረቱ፣ 3 ሰዎች ደግሞ በአንድ የሥራ ክፍል ኃላፊ ጠባይ ምክንያት ለቀቁ እንበል።

እስካሁን ያለው ምክንያቱን ስለ ማግኘት ነበር። አሁን ሰውየውን ወደ መሰወር እንለፍ። ከዚህ ላይ «ስሙን ከሰረዝሁ በቃ» የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ይህ እምነት ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የሆነው ነገር ያስረዳል። የመንግሥት ሠራተኞችን የጤና መድን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን የሕክምና መዝገብ ስማቸውን አውጥቶ ለተመራማሪዎች ሰጠ። በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ የካምብሪጅን ከተማ የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች። ከዚያም የፖስታ ቍጥርን፣ የትውልድ ቀንንና ጾታን ከሁለቱም መዝገቦች አስተያይታ የግዛቱን ገዥ የዊልያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ለይታ አወጣች። ስሙ አልነበረም፤ ሰውየው ግን ታወቀ።

በሉማሜ ለዚህ መዝገብ መግዛት አያስፈልግም፤ የአንድ ቡና ወግ ይበቃል። «ባለቤቷ ደብረ ማርቆስ የሚሠራና የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንዲት አዋላጅ ነርስ በጥር ወር በዝውውር ምክንያት ለቀቀች» ብለን ብንጽፍ ስም አልጠራንም። ነገር ግን ሙያዋን፣ ጾታዋን፣ ትዳርዋን፣ ልጆችዋንና ወሯን ጠርተናል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ሰው አይለይም፤ አምስቱ ሲደራረቡ ግን ከአንድ ሰው በቀር የሚቀር የለም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ «ከትዳር ጓደኞቻቸው ርቀው የሚሠሩ ሠራተኞች የዝውውር ጥያቄያቸው ምላሽ ባለማግኘቱ ለቀዋል» ተብሎ ይጻፋል። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ተነግሯል፤ የጐደለው የሴትዮዋ መልክ ብቻ ነው።

ቋንቋችንም ራሱ ወሬ ነጋሪ መሆኑን ልብ እንበል። በአማርኛ «ለቀቀ» ወይም «ለቀቀች» ሳይሉ ስለ አንድ ሰው መናገር ያስቸግራል፤ ግሡ ጾታውን ይዞ ይመጣልና። በአንድ ክፍል ውስጥ ሴት አንዲት ብቻ ከሆነች «ነገረችኝ» የሚለው ቃል ስሟን እንደ መጥራት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ በብዙ ቍጥር መጻፍ። ቃል በቃል መጥቀስም እንዲሁ አደገኛ ነው። ሰው የሚያዘወትረው አባባል አለው፤ የተወለደበትም አገር በንግግሩ ይታወቃል፤ የጎጃሙን አነጋገር ከሸዋው ወይም ከጎንደሩ የማይለይ የለም። በጥቅስ ምልክት መካከል የገባው ቃል እንደ ድምፅ ያህል ያጋልጣል። ስለዚህ አሳቡን ይዞ ቃሉን በጸሐፊው አነጋገር መለወጥ ይሻላል።

ከቃል ቀጥሎ ቍጥር አለ። በዚህ ሥራ የሚጠቅመው ልማድ ከአምስት ሰዎች በታች የተናገሩትን በቍጥር ለይቶ አለመጻፍ ነው። ነገር ግን ቍጥርን መደበቅ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ መቀነስ የሚችል አንባቢ አለና። እኔ ራሴ ከላይ ስለ ክፍያ 15 ሰዎች እንደ ተናገሩ፣ ከእነርሱም 11ዱ ስለ መዘግየቱ እንደ ሆነ ጽፌአለሁ። ስለ ተቀሩት ቍጥር አልጠራሁም፤ አንባቢው ግን 4 መሆናቸውን ወዲያው አውቋል። ለኃላፊው በሚቀርበው ጽሑፍ ላይ እንግዲህ 11 ብቻ ይጻፋል፤ 15 የሚለው ይቀራል። በየሥራ ክፍሉ የተከፋፈለ ሰንጠረዥም በዚሁ መንገድ ያጋልጣል። ስለ ዝውውር በጠቅላላው 7፣ ከጤና ብቻ 5 ተብሎ ከተጻፈ ከግብርናና ከፋይናንስ 2 መሆናቸው አይሰወርም።

አምስት መሙላትም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። ከፋይናንስ የተጠየቁት 5 ናቸው ብለናል። አምስቱም ስለ ዘመቻ ሥራ ተናግረው ቢሆን፣ «ከፋይናንስ 5 ሰዎች ስለ ዘመቻ ሥራ አማርረዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አምስቱንም በየስማቸው ይጠራል፤ ከመካከላቸው ያልተናገረ የለምና። ሌላው ወጥመድ ጊዜ ነው። በታኅሣሥ 23 ሰዎች፣ በጥር 24 ሰዎች ብሎ ሁለት ጽሑፍ ያወጣ መሥሪያ ቤት በጥር የታከለውን ምክንያት ከጥሩ ለቃቂ ጋር አገናኝቶ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ አጠቃላዩ በየወሩ ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ ቢወጣ ይሻላል። አራት ወይም አምስት ሰው ብቻ የለቀቀበት ወረዳ ደግሞ ለብቻው ባያወጣ፣ ከጎረቤት ወረዳዎች ጋር በዞን ደረጃ በደብረ ማርቆስ ቢጠቃለል የተሻለ ነው።

አሁን ስለ ሦስቱ እንናገር፤ ከሁሉ የሚከብደው የእነርሱ ጉዳይ ነውና። ሦስት ሰዎች በአንድ ኃላፊ ጠባይ ምክንያት መልቀቃቸው ትንሽ ነገር አይደለም። ቢጻፍ ግን ኃላፊው ሦስቱን ያውቃቸዋል፤ ምናልባትም የሥራ ልምድ ማስረጃቸው በእርሱ ፊርማ የሚያልቅ ይሆናል። ባይጻፍ ደግሞ አራተኛው ሰው ይለቃል። እኔ እንደሚመስለኝ መፍትሔው ሁለቱን መንገዶች አለማደባለቅ ነው። አጠቃላዩ የብዙዎችን ምክንያት የሚናገር ወረቀት ነው እንጂ የክስ ማመልከቻ አይደለም። የሦስቱ ነገር ከአጠቃላዩ ወጥቶ፣ ጠያቂው ተናጋሪዎቹን አግኝቶ «ጉዳዩ በአቤቱታ መንገድ እንዲታይ ትፈቅዳላችሁን?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ከፈቀዱ በዚያ መንገድ ይሄዳል። ካልፈቀዱ ቃላቸው ያለ ፈቃዳቸው አይወጣም። ይህ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን አውቆ መቀበል ግን ሰውን አታልሎ ከማናገር ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ መያዝና መጠቀም በሕግ የሚገዛ ጉዳይ እንዲሆን አድርጓል፤ የመሰናበቻ ማስታወሻም የተናጋሪውን የግል መረጃ የያዘ ወረቀት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ጽሑፉ ከተጠናቀቀ በኋላ ሁለት ፈተና ይቀረዋል። የመጀመሪያው የእውነት ፈተና ነው። ሰዎች ምክንያት ነው ያሉት ሁሉ ምክንያት ሆኖ ላይገኝ ይችላል። ክፍያ ይዘገያል ከተባለ የክፍያ ማዘዣዎቹ የቀረቡበትንና የተከፈሉበትን ቀን ከሒሳብ መዝገብ ማየት ይቻላል። ይህን ለማድረግ የማንንም ለቃቂ ቃል መግለጥ አያስፈልግም፤ መዝገቡ ስለ ሁሉም ይናገራልና። ከዚህም ጋር 7 ሰዎች ሳይጠየቁ መሄዳቸው በጽሑፉ ላይ መገለጥ አለበት፤ ምናልባት እጅግ የተከፋው ሳይሰናበት የሄደው ነው።

ሁለተኛው የመሰወር ፈተና ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ጽሑፉ ለኃላፊው ከመቅረቡ በፊት ምሥጢር መጠበቅ ግዴታው የሆነና ከተማውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባልደረባ ያንብበው። የሚጠየቀውም «ጽሑፉ ጥሩ ነው ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ይህ ማን ነው?» ተብሎ ነው። በአንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አኑሮ ፈገግ ካለ ያ ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፋል።

በምሳሌያችን ለኃላፊው የሚደርሰው እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው፤ «በሁለት የበጀት ዓመታት በፈቃዳቸው ከለቀቁት 31 ሠራተኞች 24ቱ ተጠይቀዋል። 11 ሰዎች ውሎ አበልና የተረኝነት ክፍያ በወቅቱ አለመድረሱን፣ 9 ሰዎች ትምህርት አሻሽለው ደረጃቸው አለመለወጡን፣ 8 ሰዎች ከሙያቸው ውጭ በተደጋጋሚ መታዘዛቸውን፣ 7 ሰዎች የዝውውር ጥያቄ ምላሽ ማጣቱን ምክንያት አድርገዋል። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ምክንያት ሊሰጥ ስለሚችል ድምሩ ከተጠያቂዎቹ ቍጥር ይበልጣል።» ይህ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ኃላፊው ግን አራት የሚሠራ ነገር አግኝቶበታል፤ የሚያሳድደው ሰው ግን አላገኘበትም።

ጽሑፉ ከተረከበ በኋላ ቍጥርን ከስም የሚያገናኘው ዝርዝር ይቃጠላል። የሥራው ውጤት የሚታየው ግን በዚያ ቀን አይደለም። በሚመጣው ዓመት ሌላ ሠራተኛ ሊሰናበት በዚያው ወንበር ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት የተናገሩት ሰዎች በከተማው ተለይተው እንዳልታወቁ ሰምቶ ከሆነ፣ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ ከጀመረ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እውነቱን ልንገርዎት» ይላል።